ለርቀት ተርጓሚ የሚወጣ ማስታወቂያ ምን ምን መያዝ አለበት?

ለኮንትራት ተርጓሚ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። አጭር መሆኑ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲጎድሉት ነው፦ ሥራው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ክፍያው በምን ተሰልቶ እንደሚከፈልና መቼ እንደሚያልቅ። ተርጓሚው ከርቀት፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ አገር ሆኖ ስለሚሠራ ያልገባውን ነገር ቢሮ ጎራ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈው ነገር ሁሉ ኋላ የክርክር ምንጭ ይሆናል።

በየቦታው ከሚታዩት ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ እንዲህ ይላሉ፦ «የአማርኛ ተርጓሚ እንፈልጋለን። ከቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል። ክፍያ በስምምነት። ሥራው አስቸኳይ ነው።» ይህን ያነበበ ባለሙያ ከየትኛው ቋንቋ ወደ የትኛው እንደሚተረጉም እንኳ አያውቅም። የልደት ምስክር ወረቀት ይሁን የ200 ገጽ መጽሐፍ አልተነገረውም። «በስምምነት» ሲባል ደግሞ አስተዋዋቂው ዋጋውን ሌላው ወገን ቀድሞ እንዲጠራለት እየጠበቀ ነው፤ ተርጓሚው የሥራውን ልክ ሳያውቅ ምን ብሎ ሊጠራ ይችላል? ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ፈጥነው የሚመልሱት ሥራ የሌላቸው ጀማሪዎች ናቸው።

የተሻለው ምን እንደሚመስል ለማየት ዋሽንግተን ዲሲን መውሰድ ይቻላል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ያህል ተናጋሪ ላለው ቋንቋ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን መተርጎም አለባቸው። አማርኛም በዚህ መንገድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ የጤና፣ የትምህርትና የመኖሪያ ቤት ጽሑፎች በብዛት ይተረጎማሉ። በዚያ የሚገኝ አንድ የጤና ድርጅት ለማሳያ ያህል እንዲህ ብሎ ሊያስተዋውቅ ይችላል፦

«ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም የኮንትራት ባለሙያ እንፈልጋለን፤ ሥራው ከርቀት ይሠራል። ጽሑፉ የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ የአመጋገብና የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ነው። 6,400 የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት፤ በወርድ ፋይል ይላካል። ተርጓሚው ተርጉሞና ራሱ አርሞ ያስረክባል፤ የገጽ ቅንብር ሥራው ውስጥ አይገባም። ረቂቁን ሌላ ባለሙያ ያነበዋል፤ ተርጓሚው በአስተያየቱ ላይ አንድ ጊዜ ያርማል። ክፍያው በእንግሊዝኛው ቃል ቁጥር፣ በአንድ ቃል 8 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ነው። ፋይሉ ሰኞ ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ይላካል፤ ርክክቡ ረቡዕ ጃንዋሪ 21 በዋሽንግተን ሰዓት ከቀትር በኋላ እስከ 5፡00 ነው። ክፍያው ደረሰኝ በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ በባንክ ይላካል፤ የመላኪያውን ወጪ ድርጅቱ ይሸፍናል።»

ይህ ሁሉ ከመቶ ቃል ብዙም አይዘልም። ከሥራው ወሰን ሲጀመር፣ የጽሑፉ ዓይነትና የቃሉ ብዛት መነገሩ የሚጠበቅ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን «ያስረክባል» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚያካትት መግለጽን ነው። ትርጉም፣ እርማት፣ የሁለተኛ ሰው ንባብና የገጽ ቅንብር አራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ2015 የወጣው ዓለም አቀፉ የትርጉም አገልግሎት ደረጃ አይሶ 17100 ተርጓሚው ራሱን ካረመ በኋላ ሌላ ሰው ትርጉሙን ከዋናው ጋር እያነጻጸረ እንዲያነበው ያዛል። አስተዋዋቂው ለዚያ ሁለተኛ ሰው የሚከፍለው ለብቻው ነው ወይስ ተርጓሚው ከራሱ ክፍያ አካፍሎ እንዲፈልገው ይጠበቃል? ካልተጻፈ ሁለቱም የየራሳቸውን ይገምታሉ። የገጽ ቅንብርም እንደዚሁ ነው። አማርኛው በራሪ ወረቀት ላይ ሲገባ መስመሩ ያለቦታው ሊሰበር፣ ፊደሉም ወደ ባዶ ሳጥን ሊለወጥ ስለሚችል ከኅትመት በፊት አማርኛ የሚያነብ ሰው ቢያየው ይመረጣል፤ ይህ ግን በሰዓት የሚከፈልበት ሌላ ሥራ ነው።

የክፍያው ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ቁጥሩ፣ ወደ 8 ሳንቲሙ ነው። የጤፍ ዋጋ ጠርቶ በኪሎ ይሁን በኩንታል አለመናገር ትርጉም እንደሌለው ሁሉ፣ የቃል ዋጋም የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሚቆጠር ካልተነገረ ምንም አይገልጽም። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ግሥ ውስጥ ይጠቀልላል፤ «አልነገርኳቸውም» ብሎ በአንድ ቃል የጨረሰውን እንግሊዝኛ በአምስት ቃል ያወጣዋል። መስተዋድዱም ብዙ ጊዜ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይጻፋል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ አማርኛው ላይ ሲቆጠር ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

የጤና መመሪያው በእንግሊዝኛው ቃል ሲሰላ 6,400 በ8 ሳንቲም 512 ዶላር ይመጣል። ትርጉሙ 4,500 የአማርኛ ቃል ሆኖ ወጣ እንበል፤ በአማርኛው ቢቆጠር ያው 8 ሳንቲም 360 ዶላር ብቻ ያስገኛል። ድካሙ አንድ ሆኖ 152 ዶላር የጠፋው መቁጠሪያው ስለተለወጠ ነው። በአማርኛው ተቆጥሮ ያንኑ 512 ዶላር ለማግኘት የቃሉ ዋጋ ወደ 11 ሳንቲም ተኩል ግድም መድረስ አለበት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ምንጩ ሲቆጠር የሚጎዳው ተርጓሚው ነው። ምንጩን መቁጠር ሌላ ጥቅም አለው፤ ሥራው ሳይጀመር ጠቅላላ ሂሳቡ ይታወቃል፣ ተርጓሚውም ቃል በማብዛት ተጠቀመ አይባልም። ለዚህ ሲባል በምንጩ ቆጥሮ፣ ለአማርኛ ምንጭ ግን የቃሉን ዋጋ ከፍ ማድረግ ፍትሐዊ መፍትሔ ይመስላል።

በፊደል መቁጠርም አለ። በጀርመን አገር ፍርድ ቤቶች ለተርጓሚ የሚከፍሉት በ55 ምት፣ ማለትም ክፍት ቦታን ጨምሮ በ55 ፊደል ልክ ነው። ሕጉ የሚያስቆጥረው የተተረጎመውን ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን የላቲን ፊደል ያለው ምንጩ ላይ ብቻ ከሆነ ምንጩ ይቆጠራል ይላል። ይህች ሐረግ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው ትልቅ ነገር ናት። አንዱ የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ገጹ በምት ሲቆጠር ከጀርመንኛው እጅግ ያንሳል። ስካን የተደረገ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተር ሊቆጥረው ስለማይችል በገጽ ወይም በሰነድ መዋዋል ይቀላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ድግግሞሽ ነው። «ሐኪምዎን ያማክሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመመሪያው ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የትርጉም ድርጅቶች ቀድሞ የተተረጎመውን በሚያስታውስ ሶፍትዌር ፋይሉን መርምረው ለተደገመው ዓረፍተ ነገር ያነሰ ይከፍላሉ። ከ6,400ው ቃል 1,200ው ድግግሞሽ ቢሆንና ለእሱ 30 በመቶ ብቻ ቢከፈል ሂሳቡ ከ512 ወደ 444 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይወርዳል። ቅናሹ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ማስታወቂያው ላይ ሳይጻፍ ደረሰኝ ሲቀርብ ብቅ ማለቱ ነው።

የማስረከቢያው ቀን ከሥራው ብዛት ተነሥቶ መሰላት አለበት። ልምድ ያለው ተርጓሚ በቀን 2,000 ቃል ያህል በጥንቃቄ ይሠራል ቢባል 6,400 ቃል ከሦስት ቀን ትንሽ ያልፋል። ለሕክምና ቃላት ማጣሪያና ለጥያቄ አንድ ቀን፣ ረቂቁን አሳድሮ ለማረም ሌላ አንድ ቀን ሲጨመር አምስት የሥራ ቀን ይሞላል። ማስታወቂያው የሰጠው ሰባት የሥራ ቀን ነው፤ ትርፉም በከንቱ አይደለም። በመሃል ያለው ሰኞ ጃንዋሪ 19 የጥምቀት በዓል ነው፤ ያን ዓመት በአሜሪካም የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ስለሆነ ድርጅቱ ቢሮ ጥያቄ የሚመልስ አይኖርም። ማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው። ርክክቡ ጃንዋሪ 19 ላይ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ያለ ተርጓሚ ወይ በዓሉን ወይ ሥራውን ይተው ነበር።

ሰዓቱም ጥንቃቄ ይሻል። በክረምታቸው ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ረቡዕ ከቀትር በኋላ 5፡00 እዚያ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ለሐሙስ አጥቢያ በአገሩ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በበጋቸው ልዩነቱ ወደ 7 ሰዓት ይጠብባል። «በ5 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ረፋድን፣ ሌላው የቢሮ መዝጊያን ያስባል። ከተማውን መጥቀስ ይህን ይፈታል። ፋይሉ የሚላክበት ቀን አብሮ መጻፉም ከዚህ ያላነሰ ነው፤ ፋይሉ ሁለት ቀን ቢዘገይ ርክክቡም በዚያው ልክ መግፋት አለበት።

ለናሙና የሚጠየቀው ትርጉም ከ200 እስከ 300 ቃል ከሆነ ተገቢ ነው፤ ብዙ ገጽ በነፃ የሚያስተረጉም ግን አንዱን ሰነድ ከፋፍሎ ለአመልካቾች እያደለ ሊሆን ይችላል። ሌላም የታወቀ ማጭበርበሪያ አለ። «ደንበኛው» ከተስማሙበት በላይ የሆነ ቼክ ይልክና ትርፉ እንዲመለስለት ይጠይቃል፤ ተርጓሚው ከራሱ ገንዘብ ከመለሰ በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል። ርክክብ ሳይኖር ከውል በላይ የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ ገንዘቡ በትክክል መግባቱን ባንኩ እስኪያረጋግጥ ምንም መመለስ አይገባም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ አርብ ዕለት 900 ቃል ያለው ተጨማሪ ምዕራፍ ቢመጣ፣ በማስታወቂያው ስሌት 72 ዶላርና ግማሽ ቀን ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ተርጓሚው ይህንን በኢሜይል ጽፎ አዲሱን ድምርና አዲሱን ሰዓት ካሳወቀ በኋላ እሺታውን በጽሑፍ ተቀብሎ ይቀጥላል። ድርጅቱ በተቃራኒው ሥራውን መሃል ላይ ቢያቋርጠው እስከዚያ ለተተረጎመው ቃል ይከፈላል፤ በምንጭ ቃል የተዋዋለ ሰው የት እንደደረሰ ከእንግሊዝኛው ፋይል ላይ ቆጥሮ ማሳየት ይችላል።