ሁለቱ «አለ»ዎች

ውጭ አገር ያደገች አንዲት ልጅ ከአማርኛ መምህሯ በከፊል የተሞላ የእርባታ ሠንጠረዥ ተቀበለች እንበል። ከላይ «አለ» የሚል ግሥ ተጽፏል፤ ቀሪው ባዶ ቦታ የእሷ ድርሻ ነው። ልጅቷ «በላ፣ በልቶ»ን ደህና አድርጋ ታውቃለችና በዚያው ሥርዓት «አለ፣ አልቶ» ብላ ሞላች። የተከተለችው ሥርዓት አለ፤ የጻፈችው ቃል ግን በአማርኛ የለም።

ከመሙላት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ይህ የትኛው «አለ» ነው? ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለች»፣ «አሉ» እና «አላችሁ» በጽሑፍ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያቸው ሌላ ቦታ ነው፦ መምህሩ «አልኩ» ብሎ ሞልቶ ከሆነ መናገር፣ «አለሁ» ካለ መገኘት ነው። እንደዚሁ «አልሽ» እና «አለሽ»።

የመናገሩ «አለ» ሆኗል እንበል። በትንቢት «ይላል»፣ በአርእስት «ማለት» ስለሚል እስከዚህ «ብ» የሚባል ድምፅ የለበትም። በቦዝና በትእዛዝ ግን ይመጣል፦ «ብሎ፣ ብላ፣ ብለን»፤ «በል፣ በሉ፣ ይበል»፤ በአሉታም «አትበል»። ይህ እንግዳ አይደለም። ግሡ በግዕዝ «ብህለ» ነው፤ «አገርኛ ብሂል» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። አማርኛ ድምፁን በአንዳንድ ቦታ ጥሎት፣ በሌላው ይዞት ቀረ። ተማሪ በቃሉ መያዝ ያለበት ይህን ነው።

«ትያለሽ»፣ «በይ» እና «ብዬ» ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። አብዛኛው ተማሪ እነዚህንም ከሥርዓት የወጡ አድርጎ ለየብቻ ያጠናቸዋል፤ ድካሙ ግን ከንቱ ነው። «ከፈለ» የሚለውን ፍጹም ሥርዓተኛ ግሥ ብናረባው «ክፈይ» እና «ከፍዬ» እናገኛለን። «ል» በአንቺና በእኔ መድረሻ ፊት ወደ «ይ» መለወጡ የአማርኛ ደንብ ነው። ለልጅቷ ይህን አንድ ደንብ መንገር ሦስት ቃላት ከማስሸምደድ ይሻላል።

የመገኘቱ «አለ» ሲሆን ችግሩ ይገለበጣል። ቅርጹ የኃላፊ ነው፤ ትርጉሙ ግን የአሁን። ለትናንት «ነበረ» ይተካዋል፤ ለነገ «ይኖራል»፣ ለቦዝ «ኖሮ» ከ«ኖረ» ይዋሳል። አሉታውም «አላለም» ሳይሆን «የለም» ነው፤ «የለሁም፣ የለህም፣ የለችም» እያለ ይቀጥላል። የራሱ የሆነ ትእዛዝ ስለሌለው በዚያ ቦታ ላይ የሚሞላ ነገር የለም።

ስለዚህ ሠንጠረዥ የምታዘጋጁ መምህራንና ወላጆች፣ ከግሡ አጠገብ «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ብላችሁ ጻፉ፤ ቅርጽ በሌለበት ቦታም ሰረዝ አድርጉበት። ልጁ የሞላውን ደግሞ በዓረፍተ ነገር አስነብቡት። «አልቶ ሄደ» ሲል ስሕተቱን የራሱ ጆሮ ባይነግረው እንኳ፣ አጠገቡ ያለች አያቱ «ብሎ ሄደ» ብላ ታርመዋለች።