የወርሃዊ ለጋሾች ምስጋናና እድሳት

ለሕፃናት ሆስፒታል በየወሩ የሚሰጥ መዋጮ የሚቋረጠው ሁልጊዜ ለጋሹ ሐሳቡን ስለቀየረ አይደለም፤ ለባንኩ የሰጠው ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ጊዜው ሲያልፍ ክፍያው ሳይታወቅ ይቆማል። ስለዚህ የእድሳት መልእክት አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል። በወር 200 ብር ለሚሰጥ ሰው ምስጋናው ይቀድማል፦ «ባለፉት 12 ወራት 2,400 ብር ሰጥተዋል፤ ከሌሎች ለጋሾች መዋጮ ጋር ተደምሮ ለመድኃኒትና ለላቦራቶሪ ምርመራ ውሏል። እናመሰግናለን። የክፍያ ትዕዛዝዎ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ለማደስ ወደ ባንክዎ ጎራ ይበሉ።» 200 ብር ብቻውን አንድ ሕፃን አዳነ ማለት፣ ልብ ቢነካም፣ እውነት አይደለም። የታካሚ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይገባም። «መጠኑን ይጨምሩ» የሚለው ጥያቄ ለሌላ ጊዜ ቢቆይ ይሻላል፤ አለዚያ ምስጋናው ማባበያ ይመስላል።