ሲቪውን ትቶ ቀብድ መጠየቅ

«ዋጋ በውስጥ መስመር።» ቴሌግራም ላይ ሶፋና አልጋ የሚሸጡ ሱቆችን ለሚከታተል ሰው ይህች ሐረግ እንግዳ አይደለችም። ፎቶ ይለጠፋል፣ ስልክ ቁጥር ይቀመጣል፣ ዋጋውና ልኬቱ ግን የሉም። ከዚያ የሱቁ ባለቤት ማታ ማታ ቁጭ ብሎ «ስንት ነው?»፣ «ስንት ሜትር ነው?» ለሚሉ ሰዎች አንድ በአንድ ሲመልስ ያመሻል።

የሽያጭ ጽሑፍና ፎቶ የምታዘጋጅ፣ በግሏ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ይህን ሱቅ አየችው እንበል። ሥራ ትፈልጋለች። የለመድነው መንገድ ሲቪውን፣ የማመልከቻ ደብዳቤውንና የዲግሪውን ኮፒ አያይዞ «በድርጅትዎ ክፍት የሥራ ቦታ ካለ» ብሎ መላክ ነው። ሰውየው ግን ክፍት የሥራ ቦታ የለውም፤ ሰው ለመቅጠርም አላሰበም። ፋይሉን ቢከፍተው እንኳ የሚገጥመው ጥያቄ ከባድ ነው፤ የማያውቃትን ሰው በየወሩ ደመወዝ እየከፈለ ይያዛት? ዝም ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ባለሙያዋ ጥያቄውን ታሳንሰዋለች። እንዲህ ብላ ትጽፍለታለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሱቅዎን ቻናል እከታተላለሁ። የመጨረሻዎቹን 20 ልጥፎች አይቼ ነበር፤ 17ቱ ላይ ዋጋ የለም፣ አንዱም ላይ የዕቃው ልኬት አልተጻፈም። እኔ የሽያጭ ጽሑፍና ፎቶ አዘጋጃለሁ። ለሙከራ የ8 ዕቃዎችን ልጥፍ እንደ አዲስ ልሥራልዎ። ሱቅ መጥቼ ዕቃውን እለካለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ልኬቱን፣ የእንጨቱን ዓይነትና ዋጋውን አሟልቼ እጽፋለሁ። ዋጋ በይፋ መግለጽ ካልፈለጉ በልኬቱ ብቻ እንሠራለን። ክፍያው 4,000 ብር ነው፤ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሲረከቡ። ቀብዱ በገባ በ5 ቀን አስረክባለሁ፤ አንድ ዙር እርማትም በዋጋው ውስጥ አለ። ካልተስማማዎት በዚያው እናበቃለን፤ ከፍለው የተረከቧቸው ልጥፎች ግን የእርስዎ ናቸው። ከዚህ በፊት የሠራሁትን አንድ ናሙና አያይዣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለመለካት ብመጣ ይመችዎታል?»

መልእክቱ ስለ ራሷ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። የሚጀምረው ከሱቁ ነው። «17ቱ ላይ ዋጋ የለም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከሲቪ ይልቅ ብዙ ትሠራለች፤ ጸሐፊዋ ያንኑ ደብዳቤ ለመቶ ሰው እንዳልላከች ታሳያለች፤ ሰውየውም ስልኩን ከፍቶ ቆጥሮ ሊያረጋግጣት ይችላል። ይሁን እንጂ ትዝብት ወቀሳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙ ነጋዴ ዋጋውን የሚደብቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ተፎካካሪው እንዳያይበት ወይም የእንጨቱና የጨርቁ ዋጋ ሲለዋወጥ በለጠፈው እንዳይያዝ ነው። «ዋጋ መግለጽ ካልፈለጉ» የሚለው ቃል ለዚህ የተተወ በር ነው።

ቀጥሎ የሙከራው መጠን አለ። ስምንት ልጥፍ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ልጥፍ ብቻ ቢሆን ሰውየው ሥራውን ሊመዝንበት አይችልም፤ መላውን ቻናል ላድስልዎ ብትል ደግሞ ያው ወደ ቅጥሩ ጥያቄ ተመለሰች ማለት ነው። ሙከራው ወደፊት የሚሠራውን ሥራ መምሰል አለበት፤ በራሱም ሙሉ መሆን አለበት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ዳግም ባይገናኙ እንኳ ስምንቱ ልጥፎች ሶፋ ሊሸጡ ይችላሉ። ግማሽ ተሠርቶ የቆመ፣ ሌላ ክፍያ ካልተጨመረ የማይጠቅም ሥራ ሙከራ አይባልም፤ ማሰሪያ ነው።

ዋጋውም ከሜዳ አልመጣም። ለአንድ ልጥፍ 45 ደቂቃ ብትይዝ ስምንቱ 6 ሰዓት ይፈጃሉ። ለመለካትና ፎቶ ለማንሳት 2 ሰዓት፣ ለእርማት 1 ሰዓት ሲጨመር 9 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ዋጋዋ 450 ብር ከሆነ 4,050 ይመጣል፤ እሷም 4,000 አለች። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ለመግቢያ ያህል» ብለው በ1,000 ብር ይጀምራሉ። ደንበኛው ግን ያቺን 1,000 የሥራው ዋጋ አድርጎ ይይዛታል። ቀጣዩን በ4,000 ስትለው እውነተኛው ዋጋ እንደደረሰ አይታየውም፤ አራት እጥፍ የተጨመረበት ይመስለዋል። በሙከራ ላይ የሚቀነሰው የሥራው ብዛት ነው፤ የአንዱ ሥራ ዋጋ አይነካም።

አሁን ሰውየው መለሰ እንበል፦ «ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስቱን በነፃ ሠርተሽ አሳዪን።» ይህ የተለመደ መልስ ነው፤ ሁልጊዜም ክፋት የለበትም። ችሎታዋን ማየት ፈልጎ ከሆነ ያያያዘችው ናሙና ይበቃል። ስለዚህ «የላክሁልዎት ናሙና የእጄን ሥራ ያሳያል። ስምንቱ ከበዛ በ4 ዕቃ እንጀምር፤ 2,000 ብር ይሆናል» ብትለው መጠኑ ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ባለበት ይጸናል። ከዚያም በኋላ በነፃ ይሁን ካለ ስለ ወደፊቱ ክፍያ ያለውን አስቀድሞ ነግሯታል፤ የደከመችበትም አንድ መልእክት ብቻ ነው።

«ሙከራ» የሚለው ቃል በቅጥር ዓለም ሌላ ትርጉም ስላለው መለየቱ ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአንድ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። ያ ግን ከተቀጠረ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ሕግም ይጠብቀዋል። በግሏ የምትሠራ ባለሙያ ይህ ከለላ የላትም። ስለዚህ መልእክቷ ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን የስምምነቷም መዝገብ ነው። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም እዚያው ተጽፎ፣ ባለቤቱ «እሺ» ብሎ፣ ቀብዱ በቴሌብር ከገባ በኋላ ጭቅጭቅ ቢነሳ ወደ ላይ አንሸራትቶ ማንበብ ይቻላል። «እርማት እስኪወዱት ድረስ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ግን የ9 ሰዓቱ ሥራ 20 ሰዓት ሊፈጅ ይችል ነበር።

ስምንቱ ልጥፎች ከወጡ በኋላ የሙከራው ፍርድ ከስሜት መራቅ አለበት። «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ «አዎ፣ ቆንጆ ነው» ከሚል መልስ በቀር ብዙ አያተርፍም። ለሁለት ሳምንት በአዲሶቹ ልጥፎች ሥር ስንት ሰው ልኬት እንደጠየቀ፣ ስንት ሰውስ በቀጥታ «ለማየት መቼ ልምጣ?» እንዳለ ተቆጥሮ ከቀድሞዎቹ ጋር ቢነጻጸር ግን ባለቤቱ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስምንት ልጥፍ ሽያጭ መጨመሩን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ የበዓል ሰሞንም ሊያሳስት ይችላል። ተደጋጋሚው ጥያቄ መቀነሱን ግን ያሳያል፤ የባለቤቱን ማታ ሲበላ የነበረውም እሱ ነው።

ያን ቁጥር ይዛ ስትመለስ የወር ሥራ ትጠይቃለች። ሰውየው «እስቲ አንድ ሙከራ ድገሚልን» ካለ በዚያው ዋጋ ትሠራዋለች፤ ስሙ ግን ሙከራ መሆኑ ቀርቷል። ሙከራ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ በሥራ ዋጋ ይከፈላል።