አራቱ የታሮት ወገኖች የየትኛው ኑሮ ናቸው?

በታሮት ካርድ ስሙ የሚነሳው “ሞት” ወይም “ፀሐይ” የተባለው ትልቅ ካርድ ነው። ከ78ቱ ካርዶች ግን 56ቱ ስለ ዕለት ኑሮ የሚናገሩ ናቸው፤ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም በተባሉ አራት ወገኖች ይከፈላሉ።

ምልክቶቹ ለጥንቆላ አልተፈጠሩም። ከማምሉኮች ዘመን ግብፅ ወደ አውሮፓ በተሻገሩት መጫወቻ ካርታዎች ላይ በትሩ የፖሎ ዱላ ነበር፤ ጨዋታውን የማያውቁት አውሮፓውያን ተራ ዱላ አደረጉት። ታሮት ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ለጨዋታ የተሠራ ሲሆን፣ ዕጣ ማንበቢያ ሆኖ የተስፋፋው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየውን ሥዕል ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለችው ለ1909 እ.ኤ.አ. የለንደን እትም ነው።

በአንባቢዎቹ ልማድ በትር እሳት ነው፤ ተነሳሽነትንና አዲስ ሥራ መጀመርን ያመለክታል። ሳንቲም መሬት ነው፤ ገንዘብን፣ ቤትን፣ ጤናንና የእጅ ሙያን ይይዛል። ጽዋ ውኃ ነው፤ የፍቅር፣ የቤተሰብና የሐዘን ወገን ነው። ሰይፍ ደግሞ አየር ሲሆን የሚመለከተው ሐሳብን፣ ንግግርንና ውሳኔን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሰይፍ ሲወጣ ጠላት መጣብኝ ብሎ ይደነግጣል። ሰይፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው እንቅልፍ ስለሚነሳ ሐሳብ ወይም ስለ ሻከረ ቃል ነው።

አንዲት ሴት “ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?” ብላ ሦስት ካርድ ወጣላት እንበል። የመጀመሪያው ሳንቲም ስምንት ነው፤ አንድ ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳንቲም ይቀርጻል። ሙያዋ ደህና ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ጽዋ አምስት ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው በተደፉት ሦስት ጽዋዎች ላይ አቀርቅሯል፣ ከኋላው የቆሙትን ሁለቱን አላያቸውም። የከፋት በደመወዙ ሳይሆን በሰው ነው። ሦስተኛው ሰይፍ ሁለት ነው፤ ዓይኗ የታሰረ ሴት ሁለት ሰይፍ ደረቷ ላይ አጣምራለች። ውሳኔው ገና አልተወሰነም።

ጎበዝ አንባቢ ያልወጣውንም ያያል። በትር የለም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ካለችበት መሸሽ እንጂ ሌላ የምትጀምረው ነገር አላሰበችም ብሎ ይጠይቃታል። ካርዶቹን አንድ በአንድ የሚተረጉም ይህንን ያልፈዋል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ጥያቄን በገንዘብ፣ በስሜት፣ በሐሳብና በፍላጎት ለያይቶ ማሳየቱ ነው። ካርድ መጪውን ለማወቁ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ “ሰይፍ ወጥቶብሃል፣ ማስፈቻ ክፈል” ለሚል ሰው አንድ ብር አትስጡ።