ወተትና የሕፃን ገላ፤ አያት ለልጅ ልጃቸው የሰጡት መልስ

ነፍሰ ጡር ሴት ወተት ከጠጣች፣ ተልባ ወይም ሙዝ ከበላች፣ የበላችው ነገር በሕፃኑ ራስና ገላ ላይ ይለጠፋል የሚል አባባል በአገራችን በብዙ ስፍራ ይነገራል። አባባሉ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ ነጭ ቅባት መሰል ነገር ስለሚታይ፣ ተመልካቹ ይህን እናቲቱ የጠጣችው ወተት አድርጎ ይገምተዋል። በዚህ ግምት የተነሣ ግን ምግባቸውን የሚተዉ እናቶች ስላሉ፣ የነገሩን እውነት ለመግለጥ አንዲት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ያደረጉትን ንግግር ከዚህ በታች እናቀርባለን።

የልጅ ልጃቸው መምህርት ስትሆን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ጎረቤቶቿ፣ «ወተት አትጠጪ፤ እህልም አታብዢ፤ ልጁ ከተለቀ ምጥ ይጸናብሻል» ስላሏት፣ ወተት ፈጽማ ትታ ቁርሷን በሻይ ብቻ ማለፍ ጀምራ ነበር።

«እማማ፣ እንቅልፍ አጣሁ፤ ይህን ሳልሰማ ስንት ብርጭቆ ወተት ጠጥቻለሁ። ልጄን ጎድቼው ይሆን?» አለቻቸው።

አያቲቱም እንዲህ ሲሉ መለሱላት፤ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናትሽን ባረገዝሁ ጊዜ ወተት በአፌ አልዞረም፤ እርሷ ግን ከቀኗ ሁለት ሳምንት ቀድማ ስትወለድ ገላዋ በሙሉ ነጭ ለብሶ ነበር። አጎትሽን ባረገዝሁ ጊዜ ደግሞ ላማችን ወልዳ ስለ ነበር በየቀኑ ወተት እጠጣ ነበር፤ እርሱ ቀኑን አሳልፎ ሲወለድ ገላው የጠራ፣ እንዲያውም የደረቀ ነበር። ነገሩ የወተት ቢሆን ኖሮ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።»

የአያቲቱ ማስተዋል ከሕክምና ትምህርት ጋር ይስማማል። እናት የጠጣችው ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራዋ ነው፤ ከጨጓራ ወደ ማኅፀን የሚወስድ መንገድ የለም። ምግቡ ከተፈጨ በኋላ ጠቃሚው ክፍል ወደ ደም ይገባና በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ለሕፃኑ ይደርሳል። ነጩን ቅባት ግን የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ነው። ከአምስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ የቆዳው ስብ፣ ከቆዳው የሚረግፉ ቅንጣቶችና ውሃ ተዋሕደው ይሆናሉ፤ ሕፃኑ በሽርት ውሃ ውስጥ ሲቆይም ቆዳውን ይጠብቁለታል። የመውለጃው ጊዜ ሲያልፍ ቅባቱ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ የተወለደ ሕፃን ብዙ፣ የዘገየው ደግሞ ጥቂት ብቻ ይዞ ይታያል። ስለዚህ ቅባቱ እንደ እድፍ ተፍቆ መነሣት አይገባውም። ሕፃኑን በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ከእናቱ ገላ ጋር ማስጠጋት፣ ገላውንም ከማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት ይገባል።

«ስለ ምጡስ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ራስሽን ብታስርቢ ምጡ አይቀልልሽም፤ ጉልበትሽ ብቻ ያልቃል» አሏት።

ይህም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ምጥን የሚያስቸግረው የሕፃኑ አመጣጥ ወይም የእናቲቱ ዳሌ መጥበብ ነው። በቂ ምግብ የማታገኝ እናት ደም ያንሳታል፤ ደም ያነሳት ደግሞ በወሊድ ጊዜ የሚፈስሰውን ደም መቋቋም ይሳናታል። ሕፃኑም ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ሊወለድና ለብርድና ለበሽታ ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ከወትሮው ምግቧ ላይ በየቀኑ አንድ ጊዜ ጨምራ ትብላ። ወተቱ ግን መፍላት አለበት፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል በውሃ ትዋጥ እንጂ ከሻይ፣ ከቡና ወይም ከወተት ጋር አትውሰድ፤ እነዚህ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሱታልና።

«ታዲያ የጥንት ሰዎች ያሉት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው?» አለች።

«አይደለም ልጄ። ነፍሰ ጡር ኮሶ አትጠጣ፣ ከባድ ሸክምም አታንሣ ያሉት ደግ ምክር ነው» አሏት።

ኮሶ ብርቱ መድኃኒት ስለሆነ ፅንስን ሊያስወርድ ይችላል። አባባልን ሁሉ መቀበልም ሆነ ሁሉን መናቅ ስለማይገባ፣ የተጠራጠረች እናት አዋላጅ ነርስ ትጠይቅ።

በእርግጥ ሊያስፈሩ የሚገባቸው ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም ደም መፍሰስ፣ ጽኑ ራስ ምታት ከዓይን መፍዘዝ ጋር፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ትኩሳት፣ ያለ ምጥ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ እንዲሁም የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ያየች እናት እስኪነጋ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ትሂድ።