ረጅም ካፖርት በአጠር ያለ ቁመት ላይ

አጠር ብለው ደቀቅ ያሉ ሴቶች ስለ አለባበስ ምክር ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ክልከላ ነው። ረጅም ካፖርት አይሆንሽም፣ ሰፊ ሱሪ ያሳጥርሻል፣ ትልልቅ አበባ ያለው ጨርቅ ይውጥሻል ይባላሉ። ብዙዎቹም ምክሩን ተቀብለው የወደዱትን ልብስ መስቀያው ላይ ትተው ይወጣሉ። እኔ በዚህ ክልከላ አልስማማም። ሰውን የሚውጠው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ ትከሻው፣ ወገቡ ወይም የሱሪው እግሮች መጋጠሚያ ከለባሿ ሰውነት ዝቅ ብሎ የወደቀ ልብስ ነው። እነዚህ ቦታቸውን ከያዙ ርዝመቱም ስፋቱም ያምራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከፋብሪካ ነው። ለምሳሌ በጀርመን የልብስ መጠን ሠንጠረዥ መደበኛው የሴት ልብስ የሚሠራው 168 ሴንቲሜትር ለምትረዝም ሴት ሲሆን፣ የአጭሮቹ ደግሞ ለ160 ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች አማካይ ቁመት 157 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከአውሮፓ በሰልባጅ የመጣ ካፖርት የምትገዛ የአዲስ አበባ ሴትም ሆነች በፍራንክፈርት ሱቅ የምትገባ እህቷ፣ ከራሷ በአስርና ከዚያ በላይ ሴንቲሜትር ለምትበልጥ ሴት የተቆረጠ ልብስ ነው የምትለካው። ልዩነቱም ታች ጠርዙ ላይ ብቻ አልተቀመጠም። ከአንገት እስከ ወገብ 3 ሴንቲሜትር ያህል፣ እጅጌው ላይ 4 ወይም 5፣ ከሱሪው ወገብ እስከ እግሮቹ መጋጠሚያ 2፣ የቀረው እግሩ ላይ ተከፋፍሎ ይገኛል። ታቹን ብቻ ማሳጠር የማይበቃው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለአጭር ሴቶች የተለየ ልኬት በማውጣት ስሟ የሚነሳው የኒውዮርኳ ዲዛይነር ሃና ትሮይም ትኩረቷ የነበረው ወገብ ላይ ነው፤ የብዙ ሴቶች ከአንገት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት የፋብሪካው ልብስ ከሚገምተው ያነሰ ነበርና። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ልብሶች ላይ «ፔቲት» የሚል ጽሑፍ ወይም ከቁጥሩ አጠገብ «ፒ» የሚል ፊደል ከታየ ልብሱ ከትከሻው ጀምሮ አጥሮ የተሠራ ነው ማለት ነው። የጀርመን ልብስ ላይ ደግሞ 19 ቁጥር የ38፣ 20 ቁጥር የ40 አጭር ዓይነት ነው። ሰልባጅ ሲመረጥ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ሻጩ ራሱ ቁጥሩ ለልጅ ልብስ ይመስለውና ለብቻው ያስቀምጠዋል።

አሁን አንድ ካፖርት ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ለባሿ 153 ሴንቲሜትር ትረዝማለች እንበል። ካፖርቱ ከኮሌታው ሥር እስከ ታች 118 ሴንቲሜትር ነው፤ ወፍራም ሱፍ፣ ቀበቶ ያለው፣ ከኋላ ስንጥቅ ያለው።

መጀመሪያ የሚታየው ትከሻ ነው። የትከሻው ስፌት ከትከሻ አጥንቷ ጫፍ ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል በላይ ካላለፈ ችግር የለም፤ ውስጡ ያለውን የትከሻ ትራስ በቀጭን በመለወጥ ብቻ ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ኮሌታውን፣ እጅጌውንና ገበሩን ፈትቶ እንደገና መስፋት ስለሚጠይቅ ሥራውም ዋጋውም ከካፖርቱ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን አለመግዛት ይሻላል። ሆን ተብሎ ትከሻው እንዲወርድ የተሠራ ካፖርት ከሆነ ስፌቱ አይጠቅምምና ብብቱ ይታይ። ክንዷን ወደ ፊት ስታነሳ መላው ካፖርት አብሮ ከተነሳ የብብቱ ቀዳዳ ለእሷ በጣም ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህን ማጥበብ አስቸጋሪ ነው።

ቀጥሎ ወገቡ ነው። የቀበቶው ማለፊያዎች ዳሌዋ ላይ ካረፉ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሱ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለውጡ ግን ሁሉም ሰው የሚያየው ነው፤ እግሯ በዚያው መጠን የረዘመ ይመስላልና። ኪሱ ደግሞ እጅ በመክተት ይፈተናል። እጇ ኪሱ ውስጥ እንዲገባ ትከሻዋን ማዘንበል ካለባት ኪሱ ዝቅ ብሏል። ክዳን ያለው የላይ ኪስ ተነቅሎ ሊነሳ ይችላል፤ ጨርቁ ተሰንጥቆ የተሠራው ኪስ ግን አይነሳም።

ስህተት በብዛት የሚሠራው ከዚህ በኋላ፣ ርዝመቱ ላይ ነው። ካፖርቱ የተቆረጠው ለ168 ነው፣ እሷ 153 ናት፣ ስለዚህ 15 ሴንቲሜትር ይቆረጥ ማለት ትክክል ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራ። ከአንገቷ ሥር ካለው አጥንት እስከ ወለሉ 130 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። 118ቱ ላይ 15 ከተቆረጠ 103 ይቀራል፤ ጠርዙ ከወለሉ 27 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል። ይህ የባቷ ወፍራሙ ቦታ አካባቢ ነው። ዓይን ጠርዙ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ የቆመበት ቦታ ደግሞ የእግሯ ሰፊው ክፍል ነው። ካፖርቱ አጥሮም ሴትየዋ ይበልጥ አጭርና ወፍራም ትመስላለች። ሰፊው «ትንሽ ይጠር» ተብሎ ሲታዘዝ የሚሠራው በአብዛኛው ይህንኑ ነው።

ጠርዙ የሚያምርባት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ፣ ባቷ መወፈር ሳይጀምር፣ ከወለሉ 37 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ካፖርቱ 93 ይሆናል። ሁለተኛው ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ እግሯ የሚቀጥንበት፣ ከወለሉ 15 ወይም 16 ሴንቲሜትር ላይ ነው፤ ካፖርቱ 114 ይሆናል፣ የሚቆረጠውም 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ምርጫ 25 ሴንቲሜትር ስለሚጠፋ የኋላው ስንጥቅ ግማሹ አብሮ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ቁልፍም ከጠርዙ ጋር ይጠጋል። በሁለተኛው የካፖርቱ አቆራረጥ እንዳለ ይቆያል፤ ረጅም ካፖርት የፈለገች ሴትም ረጅም ካፖርት ታገኛለች። ከመቆረጡ በፊት ግን የምታዘወትረውን ጫማ አድርጋ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ከሩቅ መስታወት ይታይ። ሰፊው ለጠርዙ እጥፋት 4 ሴንቲሜትር ያህል ይተው፤ ገበሩንም ከላይኛው ጨርቅ 2 ሴንቲሜትር ያህል አሳጥሮ ለብቻው ይስፋው። ገበሩ ከጨርቁ እኩል ከተሰፋ ጠርዙን ይጎትተዋል፤ ካፖርቱም ታቹ ይኮማተራል።

እንዲህ ያለ ረጅም ካፖርት በሚለበስበት ጊዜ ከውስጥ ያለው ሱሪና ጫማው አንድ ዓይነት ቀለም ቢሆኑ ጥሩ ነው። ካፖርቱ ሳይቆለፍ ሲተው ከፊት ለፊት ከአንገት እስከ እግር የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪና ቡናማ ጫማ ከተደረገ ግን መስመሩ ሦስት ቦታ ይቆራረጣል።

ሰፊ ሱሪ ላይ ዋናው ነገር የእግሮቹ መጋጠሚያ ነው። እሱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ እግር በዚያው ልክ ያጥራል፤ ታቹን ማሳጠርም አይረዳም። ለማወቅ ሱሪው ወገብ ላይ በትክክለኛው ቦታው ይደረግና አንድ ደረጃ ይወጣ። ጭኖቹ መሐል ጨርቁ ከተወጠረና ሌላኛውን እግር አብሮ ከጎተተ መጋጠሚያው ዝቅ ብሏል። ጎበዝ ሰፊ የወገቡን ጥምጥም ፈትቶ ከላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል በመቁረጥና ዚፑን እንደገና በመግጠም ያስተካክለዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ኪሶቹ ይበላሻሉ።

ስፋቱ ከየት እንደሚጀምር መታየት አለበት። ከዳሌ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰፊ ሱሪ ለማሳጠር ቀላል ነው፤ የትም ቢቆረጥ ቅርጹ ያው ነው። ከጉልበት በታች የሚሰፋው ግን ለረጅሟ ሴት ጉልበት የተሠራ ስለሆነ አጭሯ ላይ መስፋት የሚጀምረው ባቷ ላይ ነው። ታቹ ሲቆረጥ ደግሞ የሰፋው ክፍል ራሱ ይጠፋል። ይህን ሱሪ መተው ይሻላል። ጨርቁም ለስለስ ብሎ የሚወርድ ይሁን፤ ደረቅና ወፍራም ጨርቅ ከሰውነት ርቆ ይቆማል። ርዝመቱ ጫማ ተደርጎ ከወለሉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። የጥጥ ሱሪ ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ፤ ይገባልና። ተረከዝ ባለው ጫማና በነጠላ ጫማ አንዱን ሱሪ እኩል ማሳመር አይቻልምና ለየትኛው እንደሚሰፋ አስቀድሞ ይወሰን። ከላይ የሚለበሰው ሸሚዝ ወደ ውስጥ ይግባ ወይም ወገብ ላይ የሚያበቃ ይሁን፤ ወገቡ ከተሸፈነ ሱሪው ያስረዘመው እግር አይታይም።

ትልልቅ ሥዕል ያለው ጨርቅ ሲመረጥ ብዙዎች የሚያዩት የሥዕሉን መጠን ብቻ ነው። ከጭብጥ የማይበልጥ ይሁን የሚል ምክር አለ፤ ለመነሻ አይከፋም። እኔ ግን ይበልጥ የማየው የቀለሙን ልዩነት ነው። በደማቅ ሰማያዊ ላይ በሌላ ሰማያዊ የተሳለ ሰፊ ቅጠል ዓይንን አያስቆምም፤ በጥቁር ላይ ያለ ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ ግን ከሩቅ ይጮኻል። ሁለተኛው ጉዳይ ሥዕሉ የት እንደሚያርፍ ነው። ኪተንጌ ላይ 35 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ካለ፣ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ 40 ሴንቲሜትር ለማይሞላ ሴት የሚበቃው አንድ ብቻ ነው። ያ አንዱ ሆዷ ላይ ካረፈ ሰው የሚያየው ሆዷን ነው፤ ወገቡ ላይ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ ቁመቷን ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ አንዱ ትከሻ ተጠግቶ ሲያርፍ ዓይንን ወደ ፊቷ ይወስዳል። ይህን ለማድረግ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ሰውነቷ ላይ ተደርጎ መስታወት ፊት መታየት አለበት፤ ሰፊውም ሥዕሉን እያሳደደ ስለሚቆርጥ ከተለመደው ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሮ መግዛት ያስፈልጋል።

ይኸው ጉዳይ በሐበሻ ቀሚስ ላይም አለ፤ እዚያ ግን ጨርቁ ራሱ ተጨማሪ ችግር ያመጣል። ከወገቧ እስከ ወለል 95 ሴንቲሜትር ለሚሆን ሴት ታች ላይ 25 ሴንቲሜትር ጥለት ሲገባ የጉርዱን ከሩብ በላይ ይይዛል፤ ዓይንም ወደ እግሯ ወርዶ እዚያው ይቀራል። 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር ጥለት ከፊት ለፊት ከደረት ወደ ታች ከሚወርድ ጥበብ ጋር ሲሆን ግን ቁመቷን ይጨምራል። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር የተሸመነ ስለሆነ ቀሚሱ ሲረዝም ታቹን መቁረጥ አይቻልም፤ ጥለቱ ይሄዳል። ስለዚህ ወገቡ ላይ ስፌት ካለ እሱ ተፈቶ ጉርዱ ከላይ ያጥራል። ስፌት ከሌለ ጥለቱ ከነጩ ጨርቅ በሚገናኝበት መስመር ላይ ታጥፎ ይሰፋል፤ ስፌቱም በጥለቱ ጠርዝ ይሸፈናል። ከፊት የሚወርደው ጥበብ እስከ ታች የሚደርስ ከሆነ ግን እጥፋቱ ሥዕሉን ስለሚቆርጠው የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው ሽሮ ሜዳ ሄዳ የምታሠራ አጠር ያለች ሴት የጥለቱን ስፋትና ከወገቧ እስከ እግሯ ያለውን ልክ ሸማኔው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መናገር ያለባት። ነጠላውንም በዚያው ቀን ትዘዝ፤ የነጠላው ጥለት ከቀሚሱ ከሰፋ ከትከሻዋ ላይ ወርዶ ያጠበበችውን መልሶ ያሰፋዋልና።