ያልፈረመው ባለዕዳ

ዳላህ የተባለ የሳዑዲ ኩባንያ መካ አካባቢ ለፓኪስታን ሐጃጆች ማረፊያ ሊገነባ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፓኪስታን መንግሥት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በዓመቱ ዋናው ውል ሲመጣ ግን የፈረመው መንግሥት አልነበረም፤ ለሐጅ ጉዳይ በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ የተቋቋመ ሌላ አካል ነበር። ድንጋጌው በየጊዜው መታደስ ነበረበት። በ1996 መጨረሻ ሳይታደስ ቀረና አካሉም ሕልውናውን አጣ። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ሚኒስቴር ውሉ አክትሟል የሚል ደብዳቤ ለኩባንያው ደረሰው።

ፈራሚው የለም፤ ታዲያ ማን ይከሰስ? ዳላህ መንግሥትን ከሰሰ። ፓሪስ የተቀመጡት የግልግል ዳኞች የውሉ እውነተኛ ወገን መንግሥት ነው ብለው፣ በ2006 ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑበት።

የግልግል ዳኛ ግን የባንክ ሒሳብ ማገድ አይችልም። ያን የሚያደርገው ንብረቱ ያለበት አገር ፍርድ ቤት ነው፤ መንገዱን የከፈተው ደግሞ የ1958ቱ የኒውዮርክ ኮንቬንሽን ነው። የተፈረደለት ወገን ውሳኔውንና የግልግል ስምምነቱን፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር ያቀርባል። ከዚያ በኋላ የማስረዳቱ ሸክም የባለዕዳው ነው። ዳኞቹ ማስረጃ በትክክል አልመዘኑም፣ ሕግ አጣመው ተረጎሙ የሚል ቅሬታ አይሰማም። የሚሰሙት ጥቂት ናቸው፦ ስምምነቱ አያስገድደኝም፣ አልተጠራሁም ወይም መከላከያዬን ማሰማት አልቻልኩም፣ ዳኞቹ ከተሰጣቸው ጉዳይ አልፈዋል፣ አሰያየማቸው ከስምምነቱ ውጭ ነው፣ ውሳኔው በተሰጠበት አገር ተሽሯል። ጉዳዩ በግልግል የማይታይ ከሆነ ወይም ውሳኔው የአገሩን መሠረታዊ የሕዝብ ፖሊሲ የሚጥስ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነትም እምቢ ሊል ይችላል።

ፓኪስታን ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ያዘች፦ እኔ አልፈረምኩም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግልግል ዳኞቹን መደምደሚያ እንዳለ አልተቀበለም። መንግሥት ተዋዋይ መሆን አለመሆኑን በፈረንሳይ ሕግ ራሱ ከሥር መረመረና በኖቬምበር 2010 ውሳኔው አይፈጸምም አለ። የምክንያቶቹ ዝርዝር ጠባብ ቢሆንም፣ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ምርመራ ጥልቅ ሊሆን እንደሚችል ያሳየን ይህ ነው።

በፌብሩዋሪ 2011 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንኑ ጥያቄ አየ። በድርድሩም፣ በአፈጻጸሙም፣ በማፍረሱም ላይ እንደ ተዋዋይ ሲንቀሳቀስ የነበረው መንግሥት ነው ብሎ ውሳኔውን አጸናው። ለንደን ላይ የወደቀ ውሳኔ ፓሪስ ላይ ቆመ፤ የአንድ አገር እምቢታ ሌላውን አገር አያስርምና።

ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በ2020 ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ገደብ አስቀምጣለች። ስለዚህ የውጭ ውሳኔ ይዞ የመጣ ደንበኛ የገጠመው የአዲስ አበባ ጠበቃ፣ ከገንዘቡ መጠን በፊት የግልግል ስምምነቱን ቀንና በመጨረሻው ገጽ ላይ የፈረመውን ሰው ያያል።